«ሽማግሌዎች ያስፈረሙን ወረቀት በፍርድ ቤት ዋጋ አለው ወይ?»

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ከባለቤቴ ጋር 16 ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ተለያይተን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት አልፎናል። በጥር 2016 ዓ.ም. አምስት ሽማግሌዎች ሦስት እሑድ ተቀምጠው አስማሙን። የጀሞው ኮንዶሚኒየም 4,200,000፣ ሚኒባሱ 1,400,000 ብር ተገመተ። ቤቱ ለእኔ፣ መኪናው ለእሱ ሆኖ፣ እኔ 1,400,000 ብር ማካካሻ እንድከፍል ተፈራረምን። 600,000ውን በባንክ አስገባሁለት። ቀሪውን ስሙን አዙርልኝና ልስጥህ ስለው ዛሬ ነገ ሲለኝ ከረመ። አሁን የፍቺ ክስ ከፍቶ 'የሽማግሌ ወረቀት አያስገድደኝም፤ ቤቱ 7 ሚሊዮን ደርሷል፤ እኩል እንካፈል' ይላል። ወረቀቱ ላይ 'ለልጆቼ ቀለብ አልጠይቅም' የሚልም አለበት። ወረቀቱ ዋጋ አለው? ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀምጠው ቢወስኑልኝስ ፍርድ ቤቱ ይቀበለኛል? መልስ እንዳቀርብ የተሰጠኝ ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው።
ግራ የገባት እናት፣ ከጀሞ»

እህቴ፣ ቀጠሮሽ ቅርብ ስለሆነ ዋናውን ላስቀድም። ወረቀትሽ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እስካሁን ፍርድ አልሆነም። የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 73 ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እያሉ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ውጤት የለውም ይላል። እናንተ ደግሞ በየቤታችሁ ብትኖሩም ፍቺው እስኪወሰን ድረስ በሕግ ዓይን ባልና ሚስት ናችሁ። ስለዚህ ያንቺ ሥራ «ተፈራርመናል፤ አለቀ» ብሎ መከራከር አይደለም። ወረቀቱን ዳኛው ፊት አቅርበሽ እንዲጸድቅ መጠየቅ ነው። አንዲት ሴት ይህንን ሳታውቅ ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ዓመታት ስታሳልፍ በዓይኔ አይቻለሁና ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ሕጉ ለምን እንዲህ አለ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። በባልና ሚስት መካከል መፈራራትም መተማመንም አለ። አንደኛው ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ልጆች እያለቀሱ፣ አንደኛው ገንዘቡን ይዞ፣ ሌላኛው እጁ ባዶ ሆኖ ሊፈርም ይችላል። ዳኛው ውሉን ሲያይ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ ሁለቱም በነጻ ፈቃዳቸው ነው የፈረሙት? ምን እንደሚፈርሙ አውቀዋል? አንዱን አለቅጥ የሚጎዳ ነገር የለበትም? ያንቺ ወረቀት ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው ይመስለኛል። ቤቱና መኪናው በገንዘብ ተገምተዋል፤ ክፍፍሉም በዕለቱ ግምት እኩል ነው። ድምሩ 5,600,000 ብር ነበር፤ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 2,800,000። እሱ 1,400,000 የሚያወጣ መኪና ወሰደ፤ ቀሪውን 1,400,000 ካንቺ በጥሬ ገንዘብ ሊቀበል ተስማማ። ይህንን ስሌት ዳኛው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማየት እንዲችል በመልስሽ ላይ በግልጽ ጻፊው።

ከዚያም ባልሽ ውሉን ሲፈጽም እንደነበረ አሳዪ። 600,000 ብሩን ተቀብሎ ዝም ብሏል። የባንኩን የማስተላለፊያ ደረሰኝና የሒሳብ መግለጫ ከመልስሽ ጋር አያይዢ። ሽማግሌዎቹን ደግሞ በምስክርነት ቁጠሪ፤ «እንዲህ ወስነናል» እንዲሉ ሳይሆን፣ ማንም ማንንም ሳያስገድድ ሦስት እሑድ ተነጋግረው እንደተፈራረሙ እንዲናገሩ ነው። ባልሽ «ሽማግሌ አፍሬ ነው የፈረምኩት» ቢል፣ ማፈር ብቻውን በሕግ ማስገደድ አይባልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ማስገደድ የሚለው በሕይወት፣ በአካል፣ በክብር ወይም በንብረት ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ እንደሚደርስ በማስፈራራት የተገኘን ፊርማ ነው። «ቤቱ ተወደደ» የሚለውም ፊርማን የሚያፈርስ ምክንያት አይሆንም። በጥር 2016 ዋጋውን የገመታችሁት ሁለታችሁም ናችሁና።

አሁን «ሽማግሌዎቹ እንደገና ይወስኑልኝ?» ወዳልሽው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ሽማግሌ ወይም አስማሚ የሚያደርገው እናንተን ማቀራረብ ነው፤ ቃሉ የሚጸናው እናንተ ስለተስማማችሁበት እንጂ እሱ ስለተናገረው አይደለም። የግልግል ዳኛ ግን እንደ ዳኛ ክርክር ሰምቶ ይወስናል፤ አንዱ ወገን ባይወደውም ውሳኔው ያስገድዳል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 በግልግል ዳኛ የማይታዩ ጉዳዮችን ዘርዝሯል። ፍቺ፣ ውርስ፣ አሳዳሪነትና የመሬት ጉዳይ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 117ም ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ክርክርሽ ከወንድምሽ ጋር ስለ ሱቅ ትርፍ ክፍፍል ቢሆን ኖሮ «ሦስት ሰዎች ይወስኑልን፣ ውሳኔያቸውን እንቀበላለን» ብላችሁ መፈረም ትችሉ ነበር። በትዳራችሁ ላይ ግን አምስቱ ሽማግሌዎች ዛሬ እንደገና ተቀምጠው «ወስነናል» የሚል ወረቀት ቢጽፉ የጨመረልሽ ነገር አይኖርም። እንዲያውም የመጀመሪያው ወረቀት የስምምነት ሳይሆን የፍርድ መልክ እንዲይዝ አድርጎ ለባልሽ ጠበቃ መከራከሪያ ይሰጠዋል። በወረቀቱ ርዕስ ላይ «የሽማግሌዎች ውሳኔ» የሚል ካለ እንኳ በመልስሽ ውስጥ «የባልና ሚስት ስምምነት» ብለሽ ጥሪው፤ ይዘቱም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አያታልልሽ። እንዲህ ባሉ ወረቀቶች ግርጌ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው፤ ውል አፍራሽ በቁጥር 1889 መሠረት ይህን ያህል ብር ገደብ ይከፍላል» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሮቹ ትክክለኛ ሕጎች ናቸው፤ ግን መጥቀሳቸው ብቻ ውሉን አያጸናውም። 1731 ያለው በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው የሚል ነው። «በሕግ አግባብ» የሚለው ነው ያንቺ ጥያቄ ያለበት ቦታ። የባልና ሚስት ውል ማጽደቅ እንደሚያስፈልገው ነግሬሻለሁ። ሌላው ደግሞ ቤቱ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት (ቁጥር 1723)። ክርክርን የሚያቋርጥ ስምምነትም መብት የሚያስተላልፍ ሲሆን ለዚያ መብት ሕጉ የሚጠይቀውን ፎርም መከተል አለበት (ቁጥር 3308)። እሑድ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ የተጻፈ ወረቀት አልተመዘገበም። አየሽ፣ ሁለቱም ጉድለቶች የሚደፈኑት በአንድ ቦታ ነው፤ ስምምነቱ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሲሰፍርና በትእዛዝ ሲጸድቅ።

ሲጸድቅ ምን ይሆናል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 እንዲህ ያለ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለበት የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል ይላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም (ከቁጥር 274 እስከ 277) በማንኛውም የክርክር ደረጃ ላይ ስምምነት ማቅረብ እንደሚቻልና ፍርድ ቤቱ በስምምነቱ ቃል መሠረት ትእዛዝ እንደሚሰጥ ደንግጓል። ከዚያ በኋላ ባልሽ አልፈጽምም ቢል አዲስ ክስ አትከፍችም። የአፈጻጸም መዝገብ ነው የምትከፍችው፤ ለዚህም 10 ዓመት ጊዜ አለ። እሱ ያንኑ ቤት በሌላ ክስ ቢያነሳ ደግሞ «ጉዳዩ በስምምነት አልቋል» ብለሽ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ክሱን ማስቀረት ትችያለሽ።

ግን ዳኛው ላያጸድቀውም ይችላል፤ ይህንን ሳልነግርሽ ብቀር አልወደውም። በተለይ ባልሽ «አሁን ፈቃዴ አይደለም» ብሎ ከጸና፣ ያልጸደቀ ውል መነሻ ነው እንጂ ማሰሪያ አይደለም የሚል ክርክር ይነሳብሻል። ካልጸደቀ ቤቱ በመሐንዲስ ይገመታል፤ በዓይነት መከፋፈል ስለማይቻል ከሁለት አንዳችሁ ግምቱን ከፍላችሁ ታስቀራላችሁ፤ ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጣል። ግምቱ በእርግጥ 7,000,000 ቢሆንና መኪናው ባለበት 1,400,000 ቢቆይ ድምሩ 8,400,000 ነው፤ የእሱ ድርሻ 4,200,000 ይሆናል። መኪናውንና የወሰደውን 600,000 ስንቀንስ ካንቺ 2,200,000 ብር ይጠይቃል ማለት ነው። በወረቀቱ መሠረት ግን የቀረብሽ 800,000 ብቻ ነው። የክርክራችሁ ስፋት ይህ 1,400,000 ብር ነው፤ ከዚህ በላይ አይደለም። የሰጠሽው 600,000ም በየትኛውም መንገድ አይጠፋም፤ ውሉ ባይጸድቅ እንኳ ከድርሻው ላይ ይታሰባል።

ይህንን ስፋት አንዴ ካየሽ፣ ከባልሽ ጋር የምትነጋገሪበት ነገር ታገኛለሽ። 7 ሚሊዮን የእሱ ቃል ነው። አንቺም ግምት የሚሠራ መሐንዲስ ጠይቂ። ቤቱ ተወደደ ከተባለ መኪናውም ዋጋው በጥር 2016 ላይ አልቆመም፤ የሚኒባስ ዋጋ ምን ያህል እንደደረሰ ማንኛውም ደላላ ይነግርሻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማይነሳው ነገር አለ። ትዳሩ በፍቺ እስኪፈርስ ድረስ የጋራ ንብረት የሚያስገኘው ገቢ የጋራ ነው። ሚኒባሱ ከተለያያችሁ ጀምሮ ታሪፍ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ያንቺም ነው። እሱ ደግሞ «አንቺም ቤቱ ውስጥ ያለ ኪራይ ኖረሻል» ይልሻል፤ ልጆቹን ይዘሽ መኖርሽ መልስ ይሆንሻል፤ ግን ነጥቡ ከቁም ነገር ይቆጠራልና ተዘጋጂበት። ወረቀቱን ማፍረስ ሁለቱንም ወገን እንደሚከፍት ሲገባው «እኩል እንካፈል» የሚለው ጩኸት ሊበርድ ይችላል።

ስለዚህ በቀጠሮሽ ቀን ሁለት ነገር ጠይቂ። መጀመሪያ ስምምነቱ እንዲጸድቅ። ፍርድ ቤቱ ይህንን ከማለፉ በፊት ለሁለታችሁም ዕድል መስጠት ከፈለገ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚ እንዲመራላችሁ። ይህ አሠራር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቦታ የተሰጠው ነው። አስማሚው ፍርድ አይሰጥም፤ በአንድ ክፍል ሁለታችሁን፣ አንዳንዴም በየተራ ለየብቻ ያነጋግራል። እዚያ የተነገረ ነገር በኋላ በክርክር ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብሽም። ይህ ለመደራደር ነጻነት ይሰጥሻል። «1,000,000 ልጨምር» ብለሽ ብትዪ እንኳ ካልተስማማችሁ ዳኛው ፊት «ራሷ ብላለች» አይባልም። ካልተስማማችሁ መዝገቡ ወደ ዳኛው ይመለሳል፤ የምታጪው የክርክር መብት የለም። ፍርድ ቤቱ የማሰላሰያ ጊዜ ከሰጣችሁም ከሦስት ወር አይበልጥም።

ስንት ድረስ ልሂድ ብትዪኝ፣ ገንዘቡን የምትከፍይው አንቺ ስለሆንሽ ቁርጡ ያንቺ ነው። ግን ስሌቱን ላሳይሽ። በ4,200,000 እና በ7,000,000 መካከል ለምሳሌ በ5,400,000 ብትስማሙ፣ መኪናው ባለበት ሆኖ ድምሩ 6,800,000 ይሆናል፤ የየአንዳንዳችሁ ድርሻ 3,400,000። እሱ መኪናውንና 600,000ውን ስለወሰደ ቀሪው 1,400,000 ነው። ከወረቀቱ 600,000 ብር ትጨምሪያለሽ ማለት ነው። በሌላ በኩል ቤቱ ሐራጅ ውስጥ ከገባ ልጆችሽ ከትምህርት ቤታቸው አጠገብ ከሚኖሩበት ቤት ይወጣሉ፤ ሐራጅም ሁልጊዜ ሰው በአፉ የሚጠራውን ዋጋ አያመጣም። ይህንን ለእሱም ማስረዳት የአስማሚው ሥራ ነው።

እስከዚያው ያልተከፈለውን 800,000 በእጅሽ እንዳለና ለመክፈል ዝግጁ እንደሆንሽ አሳዪ። በጽሑፍ «ቀሪውን ተቀበልና ስሙን አዙርልኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ላኪለት፤ እንደደረሰው የሚያሳይ ማረጋገጫም ያዢ። ያንን ካላደረግሽ «አልከፈለችም፤ ውሉን ያፈረሰችው እሷ ናት» ይልሻል። ተከፋዩ ክፍያውን አልቀበልም ሲል ገንዘቡን በፍርድ ቤት ማስቀመጥ የሚቻልበት መንገድም አለ፤ ግን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ይቅደም።

አሁን ደግሞ ስለዚያች ስለ ልጆቹ ስለተጻፈችው መስመር ልንገርሽ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን ከሁሉ ይልቅ የነካችው እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ «ቤቱ የእሷ ከሆነ እሷ ታሳድግ» ብለው አስበው ይሆናል፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ቀለቡ የልጆቹ እንጂ ያንቺ አይደለም። በፊርማሽ ልትተይላቸው የምትችይው ነገር አይደለም። ዳኛውም በዚህ ላይ ዝም አይልም። በስምምነት የሚደረግ ፍቺ ላይ እንኳ ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ የልጆቹን ወይም የአንዱን ተጋቢ ጥቅም በበቂ ካላስጠበቀ ፍቺውን ብቻ ወስኖ ጉድለቱን እንዲያርም ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል (አንቀጽ 80)። ስለዚህ ይህች መስመር ሌላውን ስምምነት ይዛ እንዳትወድቅ፣ ራስሽ በመልስሽ «ይህንን ነጥብ በልጆቹ ጥቅም መሠረት ፍርድ ቤቱ ይወስንልን» ብለሽ ለይተሽ አውጪያት። ጥበቃና ቀለብ ላይ የሚሰጥ ትእዛዝ ሁኔታው ሲቀየር እንደገና የሚታይ ነው፤ የንብረቱ ክፍፍል ግን አንዴ ከጸደቀ አይከፈትም። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አትደባልቁ።

ከተስማማችሁ የሚጻፈው ወረቀት እንደ መጀመሪያው እንዳይሆን አደራ። «ቤቱ ለሚስት ሆኗል» የሚል ቃል የይዞታ ምዝገባ መሥሪያ ቤት በር ላይ ብዙ ሰው ያስመልሳል። የካርታው ቁጥር፣ የሕንጻውና የቤቱ ቁጥር፣ ክፍለ ከተማና ወረዳው ይጻፍ። የሚኒባሱ ሰሌዳ ቁጥር ይጻፍ። ቀሪው ክፍያ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ይጻፍ። ከዚያም የሚከተለውን አስገቢ፦ ክፍያው ተፈጽሞ ባልሽ በተወሰነው ቀን ስም ለማዞር ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ የሰጠው ትእዛዝ ብቻውን ለስም ዝውውሩ በቂ እንዲሆን። ይህች አንቀጽ ብትኖርሽ ኖሮ ባለፈው «ዛሬ ነገ» ሲልሽ አትቸገሪም ነበር። የሚኒባሱ የእስከ ዛሬ ገቢና የቤቱ የእስከ ዛሬ መኖሪያ ጥያቄ ተቻችሎ መዘጋቱም በግልጽ ይነገር፤ ካልተነገረ በሚቀጥለው ዓመት በአዲስ ክስ ይመጣል።

ስምምነቱን ሁለታችሁም ዳኛው ፊት ቀርባችሁ በቃላችሁ አረጋግጡ። ትእዛዙ ሲጻፍ ግልባጩን በማኅተም አስወጪና ሁለት ቅጂ ያዢ፤ አንዱ ለይዞታ ምዝገባው፣ ሌላው ለአፈጻጸም ካስፈለገ። ፍቺው የተወሰነበትን ውሳኔም አብረሽ አውጪ፤ ስም ዝውውሩ ላይ ሁለቱንም ይጠይቁሻል።